ሩጫው ስድስት ሰከንድ፣ ማለክለኩ ግን ከተቀመጡ በኋላ

ከሰሞኑ አንድ ጠዋት ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነበር። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ በሩን ሊስብ ሲል እኔ ገና ከአስፋልቱ ማዶ ነኝ። ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ እግሬ ባወጣ ሮጥኩ፤ ስድስት ሰከንድ ያህል ፈጅቶብኝ በሩን ይዤ ገባሁና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እስከዚህ ድረስ ትንፋሼ ደህና ነበር። ማለክለክ የጀመርኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። አጠገቤ የነበሩ እናት "ምነው ልጄ፣ ሌላ ታክሲ አይጠፋ" ሲሉኝ መልስ መስጠት አቅቶኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ነገሩን ቆም ብሎ ላሰበው ግራ ያጋባል። ሥራው ያለው ሩጫው ላይ ነው፤ አየር የሚያስፈልገውም ሥራ ሲሠራ መሆን ነበረበት። ታዲያ እግሬ ሥራውን ጨርሶ ካረፈ በኋላ ሳንባዬ ምን አስቸኮለው? እግሬ በእነዚያ ስድስት ሰከንዶች የሮጠው በአመዛኙ አስቀድሞ በተጠራቀመ ኃይል ነበር። ጡንቻ ውስጥ ይህን ኃይል ይዞ የሚጠብቅ ፎስፎክሪያቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ወንበሩ ላይ ሆኜ የማለከልከው በከፊል እሱን መልሼ ለመሙላት ነው።

ከጡንቻው እንጀምር። የጡንቻ ህዋስ ውስጥ ማዮሲንና አክቲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የማዮሲን ክር ላይ ትናንሽ ራሶች አሉ። ገመድ በእጁ እየቀያየረ እንደሚስብ ሰው አክቲኑን ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ወደፊት ሄደው ይይዛሉ። አንድ ራስ ይህን ዙር አንድ ጊዜ ለመጨረስ አንድ የኤቲፒ ሞለኪውል ያስፈልገዋል። ኤቲፒ ጭራው ላይ ሦስት ፎስፌቶች ተከታትለው የተቀጠሉበት ሞለኪውል ነው። የመጨረሻው ፎስፌት ሲቆረጥ ኃይል ይወጣል፤ የቀረው ባለ ሁለት ፎስፌት ሞለኪውል ኤዲፒ ይባላል። ማዮሲን ከኤቲፒ ሌላ ምንም አይቀበልም። ስኳር ቢኖር፣ ስብ ቢኖር፣ መጀመሪያ ወደ ኤቲፒ ካልተለወጠ ለእሱ ምኑም አይደለም።

ይህን ያህል ተፈላጊ ነገር በብዛት ተከማችቶ የሚገኝ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንድ ኪሎ ጡንቻ ውስጥ ያለው ኤቲፒ ቢመዘን 3 ግራም ገደማ ነው። ኬሚስቶች ሚሊሞል በሚሉት መስፈሪያ 6 ያህል ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ ለማነጻጸር እንዲመቸን በዚሁ እንስፈር። አንድ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ አንድ ኪሎ ጡንቻ በየሰከንዱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሞል ኤቲፒ ይበላል። 6 ብቻ ያለው ጡንቻ በየሰከንዱ 3 ተኩል የሚያወጣ ከሆነ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ዩሴን ቦልት ይምጣልን። እኛ አገር ሩጫ ሲባል ሐሳባችን ወደ 10 ሺህና ወደ ማራቶን ስለሚሄድ፣ 100 ሜትር ሻይ እስኪቀዳ የሚያልቅ ነገር ይመስለናል። ለዚህ ጉዳይ ግን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ቦልት ነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በ9.58 ሰከንድ የገባበት ሩጫ በየ10 ሜትሩ ተለክቷል። የመጀመሪያዎቹን 10 ሜትሮች፣ ተኩሱን ሰምቶ እስኪነሳ ያለፈችውን ቅንጣት ጊዜ ጨምሮ፣ በ1.89 ሰከንድ ጨረሰ። ጡንቻው ካለችው ኤቲፒ ሌላ መጠባበቂያ ባይኖረው ኖሮ ቦልት የሚቆመው እዚያ አካባቢ ነበር።

አቋቋሙም ዝም ብሎ የሚደክም ሰው ዓይነት አይሆንም ነበር። ማዮሲን ኤቲፒ የሚፈልገው ለመሳብ ብቻ አይደለም፤ የያዘውን ለመልቀቅም ነው። ኤቲፒ ሲጠፋ ራሶቹ አክቲኑን እንደጨበጡ ይቀራሉ፣ ጡንቻውም ድርቅ ይላል። ሰው ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሬሳው የሚገተረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለ ጡንቻ ኤቲፒው እንዲያልቅበት ከቶ አይፈቅድም። በጎ ፈቃደኞች ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ለ6 ሰከንድ በሙሉ ኃይላቸው ከረገጡ በኋላ ከጭናቸው በመርፌ የተወሰደ ቅንጣት ጡንቻ ሲመረመር ኤቲፒው የቀነሰው ከመቶ 13 ያህል ብቻ ነበር። ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ስንቅ ይዞ ስድስት ሰከንድ ሲሠራ የዋለ ጡንቻ ስንቁ ሳይነካ ተገኘ ማለት ነው።

ቤቱ ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እጅ ለመታጠብ የሚቀዳው ከጆግ ነው። ጆጉ ትንሽ ቢሆንም ጀሪካኑ አጠገቡ ስላለ በጎደለ ቁጥር ይሞላል። እንግዳው ጆጉን ብቻ ቢያይ ውኃ የማያልቅበት ቤት ይመስለዋል፤ እየጎደለ ያለው ጀሪካኑ ነው። ጆጉ ኤቲፒ ነው፣ ጀሪካኑ ፎስፎክሪያቲን።

ፎስፎክሪያቲን ክሪያቲን የተባለ ትንሽ ሞለኪውል አንድ ፎስፌት ተሸክሞ ሲገኝ የሚጠራበት ስም ነው። በአንድ ኪሎ ጡንቻ ውስጥ 20 ሚሊሞል ገደማ ይገኛል፤ ከኤቲፒው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ክሪያቲን ፎስፌቱን የያዘው በግድ ስለሆነ ለማን ባስረከብኩት እንደሚል ነው፤ በኬሚስትሪ ቋንቋ ከኤቲፒው የመጨረሻ ፎስፌት ይልቅ የእሱ ሲላቀቅ የሚወጣው ኃይል ይበልጣል። አስረካቢና ተረካቢን የሚያገናኘው ክሪያቲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ፎስፎክሪያቲኑና ባዶው ኤዲፒ ኢንዛይሙ ጉያ ውስጥ ጎን ለጎን ይገባሉ፤ ፎስፌቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሙሉ ኤቲፒና ባዶ ክሪያቲን ሆነው ይወጣሉ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

"በቃ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፍጥነቱ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ስኳር ተሰባብሮ ኤቲፒ እስኪሆን ተከታታይ ወደ አሥር የሚጠጉ ደረጃዎችን ያልፋል። በኦክስጅን የሚሠራው መንገድ ደግሞ ከአፍንጫ ጀምሮ በሳንባ፣ በልብና በደም ሥር ዞሮ ሚቶኮንድሪያ ድረስ መድረስ አለበት። ይኼኛው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ትእዛዝ የሚጠብቅም የለም፤ የማዮሲን ራስ ኤቲፒውን ተጠቅሞ ኤዲፒ ባወጣ ቁጥር ያ ኤዲፒ ራሱ ሥራውን ይቀሰቅሰዋል። ሌላው ቀርቶ ከክሪያቲን ካይኔዙ ከፊሉ ከማዮሲን ክሮቹ መሐል ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ባዶው ሳይርቅ እዚያው ተሞልቶ ይመለሳል።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥያቄ ቢያነሳ አይፈረድበትም፦ ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን? ጆጉን ራሱን ትልቅ ማድረግ አይቀልም ነበር? አይቀልም። ህዋስ ውስጥ እጅግ ብዙ ኢንዛይሞች የኤቲፒንና የኤዲፒን መጠን እያዩ ነው ሥራቸውን የሚያፈጥኑት ወይም የሚያዘገዩት። ኤቲፒ ሲከማች "ጠግበናል"፣ ኤዲፒ ሲበዛ "ተርበናል" ብለው ያነባሉ። ኤቲፒን እንደ እህል በጎተራ ማከማቸት ይህን ሁሉ ምልክት ያዛባል። ፎስፎክሪያቲንን ግን ከክሪያቲን ካይኔዝ በቀር እሱን ብሎ የሚፈልግ የለም ማለት ይቻላል። ቢቆለል ማንንም አያስቸግርም።

ጆጉ ሁልጊዜ ሙሉ መስሎ መታየቱ ሳይንቲስቶችን ራሳቸውን ለብዙ ዓመታት አደናግሯል። ፎስፎክሪያቲን ራሱ የተገኘው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ኤግልተን ባልና ሚስት፣ አሜሪካ ሃርቫርድ ላይ ደግሞ ሳይረስ ፊስክና የህንዱ ተወላጅ የላፕራጋዳ ሱባራው፣ በተመሳሳይ ጊዜ ለየብቻ ደረሱበት። የሃርቫርዶቹ ፎስፌት ሲኖር ወደ ሰማያዊ የሚለወጥ ውሁድ እየተጠቀሙ ነበር። ጡንቻ ሲመረምሩ ግን ሰማያዊው ቀለም እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ አይመጣም፤ ይዘገያል። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃው ቆሽሾ ነው ብሎ ያጥብ ነበር። እነሱ ግን መዘግየቱን ተከታትለው፣ አሲድ ውስጥ ፎስፌቱን ቀስ በቀስ የሚለቅ እስከዚያ ድረስ ስም ያልወጣለት ነገር ጡንቻው ውስጥ እንዳለ ደረሱበት።

ኤቲፒ ነው ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው የሚለው ሐሳብ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መሠረት ያዘ። ይሁንና አንድ የማያፈናፍን ችግር ነበረበት። የእንቁራሪት ጡንቻ አንድ ጊዜ እንዲኮማተር ተደርጎ ከመኮማተሩ በፊትና በኋላ ኤቲፒው ሲለካ ያው ነው፤ ምንም አልጎደለም። ያልጎደለ ነገር ተበላ ተብሎ እንዴት ይታመናል? የጡንቻን ሙቀት በመለካት የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል በ1950 እ.ኤ.አ. ለባዮኬሚስቶች በጽሑፍ ፈተና አቀረበላቸው፦ በሕያው ጡንቻ ውስጥ ኤቲፒ በእርግጥ እንደሚፈርስ አሳዩን አላቸው።

መልሱ 12 ዓመት ፈጀ። በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኬይንና ዴቪስ ያደረጉት ነገር ከጆጉ ይልቅ ቀጂውን ማሰር ነበር። የእንቁራሪቱን ጡንቻ ክሪያቲን ካይኔዝን ብቻ ከሥራ ውጭ በሚያደርግ መርዝ ነከሩት። ፎስፎክሪያቲኑ እንደ ሞላ ነው፤ የሚያሻግረው ግን የለም። ከዚያ ጡንቻው አንድ ጊዜ ተኮማተረ። አሁን ኤቲፒው ጎደለ፤ ፎስፎክሪያቲኑ ግን ንክች አላለም። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። አንድ ነገር በሥራ ላይ እያለ ካልታየ፣ ሥራውን አቁሞበት ማየት።

ዛሬ ጡንቻ ሳይቆረጥ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ለኤምአርአይ የሚያገለግለውን ዓይነት ማግኔት ፎስፎረስን እንዲያዳምጥ ሲያስተካክሉት ስክሪኑ ላይ ሹል ሹል ተራሮች ይወጣሉ፤ ረጅሙ የፎስፎክሪያቲን ነው፣ ሦስቱ አጫጭሮች የኤቲፒ ሦስት ፎስፌቶች ናቸው። ሰውየው ክንዱን ማሽኑ ውስጥ አድርጎ ኳስ በኃይል እየጨመቀ ሲቆይ ረጅሙ ተራራ ዓይናችን እያየ ይናዳል። ሦስቱ ግን ባሉበት ናቸው። ከነሱ ወዲያ ሲሆን ደግሞ ቀድሞ ጉብታ ብቻ የነበረ ሌላ ተራራ እያደገ ይሄዳል፤ የተፈታ ፎስፌት ነው። ይህ ትርፍ ፎስፌት ሲጠራቀም የማዮሲንን አያያዝ ያላላል። ስለዚህ ሯጭን የሚያደክመው የጀሪካኑ መጉደል ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ የፈሰሰውም ነው።

ወደ ቦልት እንመለስ። የኤቲፒው 6 እና የፎስፎክሪያቲኑ 20 ተደምረው 26 ይሆናሉ። በየሰከንዱ 3 ተኩል ከወጣ ሰባት ሰከንድ ከትንሽ ያደርሳሉ። ቦልት በ7.10 ሰከንድ 70ኛው ሜትር ላይ ነበር። ከ60 እስከ 80 ሜትር ያለውን ርቀት በ1.61 ሰከንድ በረረበት፤ ከዚያ ፈጣን ሆኖ አያውቅም። የመጨረሻዎቹ 20 ሜትሮች 1.66 ፈጁበት። እየቀነሰ ነበር ማለት ነው፤ ቦልት እንኳ።

ስሌቱ ልብ ይሰርቃል። ግን እንዳለ መዋጥ የለበትም። አንደኛ፣ የፍጥነት መቀነስ ከነርቭና ከእግር አጣጣል ጋርም ይያያዛል። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ፣ ፎስፎክሪያቲን ብቻውን አይሠራም። በየመማሪያ መጽሐፉ "እስከ አሥረኛው ሰከንድ ፎስፎክሪያቲን፣ ከዚያ ስኳር" እየተባለ የሚሳለው ሥዕል አሳሳች ነው፤ ተራ የሚጠብቅ የለም። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጀምሮ ያለ ኦክስጅን መሰባበር ይጀምራል። ያ የ6 ሰከንዱ ብስክሌት ሲመረመር ግማሹን ኤቲፒ የመለሰው ፎስፎክሪያቲን ነበር፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ግላይኮጅን፤ ፎስፎክሪያቲኑም ሙሉ በሙሉ አላለቀም፣ ከግማሽ በታች ወረደ እንጂ። የሚለየው ፎስፎክሪያቲን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች እጅግ ይፈጥናል፣ ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄዳል። ጀሪካንም ሙሉ ሲሆን ነው በኃይል የሚፈስ።

አሁን ወደ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር። የተራቆተው ክሪያቲን የትም አልሄደም፤ ፎስፌት ብቻ ነው የጎደለው። ያንን የሚመልስለት በሚቶኮንድሪያ በኦክስጅን የተሠራ አዲስ ኤቲፒ ነው። ያው ክሪያቲን ካይኔዝ አሁን ወደ ኋላ ይሠራል፤ ከኤቲፒ ፎስፌት ወስዶ ለክሪያቲን ይሰጣል። ኦክስጅን ለዚህ የግድ መሆኑን ስዊድን ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ አንድ ሙከራ ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ጭኑ እስኪዝል የሠራን ሰው፣ ሥራውን ባቆመበት ቅጽበት የደም ግፊት እንደሚለኩበት ባለ ማሰሪያ እግሩን ጥብቅ አድርገው ደም ከለከሉት። ሰውየው አርፏል፣ ደቂቃው እየሄደ ነው፤ ፎስፎክሪያቲኑ ግን ባለበት ነው። ማሰሪያው ሲፈታ መሙላት ጀመረ። ለጡንቻ እረፍት የሚባለው ደም ሲኖር ነው።

ሲሞላ የመጀመሪያው ግማሽ ፈጣን ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አንዳንዴም አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። የቀረው ይንቀራፈፋል። ቀላል ሩጫ ከሆነ በሦስትና አራት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ለ30 ሰከንድ ሙሉ ኃይልን አሟጦ ለሠራ ጡንቻ ግን ከ6 ደቂቃ በኋላም ከመቶ 85 አካባቢ ነው የተመለሰው። በእርግጥ የማለክለኬ ሰበብ እሱ ብቻ አይደለም፤ ከግላይኮጅኑ የመጣውን አሲድ ማስተናገድም አለ፣ የልቤም ፍጥነት አለ። የሩጫው ብድር የሚከፈለው ግን ከቆሙ በኋላ ነው።

አሰልጣኝ ይህን ካላወቀ ልጆቹን ሌላ ነገር እያሰለጠነ ፍጥነት እያሰለጠንኩ ነው ይላል። ሯጮቹን ለ6 ሰከንድ አስሮጦ፣ 30 ሰከንድ አሳርፎ፣ አሥር ጊዜ ቢደጋግምባቸው ጀሪካኑ በየዙሩ ሳይሞላ ይቀዳል። ያ የብስክሌት ጥናት የተሠራው ልክ በዚህ ልክ ነበር፤ በአሥረኛው ዙር ኃይላቸው ከመጀመሪያው ከሩብ በላይ ወርዷል፣ ግላይኮጅኑም በዚያን ጊዜ ያለ ኦክስጅን ኤቲፒ ማምረቱን አቁሟል ለማለት ምንም አልቀረውም። ይህ ለእግር ኳስ ተጫዋች ተገቢ ልምምድ ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታው ራሱ እንደዚያ ነውና። የ100 ሜትር ሯጭ ግን ከሙሉ ኃይል ሩጫው በኋላ ብዙ ደቂቃ ሲንሸራሸር ብታዩት ሰነፍ አትበሉት። ማወቂያው ሰዓት ነው፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው እየራቀ ከሄደ እረፍቱ አጥሯል።

ጀሪካኑን ራሱን ማስፋት ይቻላል ወይ ለሚል ደግሞ፣ በጥቂቱ ይቻላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገላ ውስጥ 120 ግራም ያህል ክሪያቲን አለ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጡንቻ ውስጥ ነው። በየቀኑ 2 ግራም ገደማ በራሱ እየተበላሸ ክሪያቲኒን ይሆንና በሽንት ይወጣል፤ የኩላሊት ምርመራ ወረቀት ላይ የምታዩት ስም ይኸው ነው። የወጣውን ኩላሊትና ጉበት እየሠሩ፣ ሥጋና ዓሣም እየጨመሩ ይተኩታል። አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ 4 ወይም 5 ግራም አለው፤ ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ደስ ይበላችሁ። ሥጋ ጨርሶ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ መጠኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ባዶ ግን አይሆንም። በጂም የሚሸጠው ዱቄት በቀን 20 ግራም ለአምስት ቀን ሲወሰድ የጡንቻን ክሪያቲን በአማካይ ከመቶ 20 ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው በሽንት ይሄዳል። የሚጠቅመው አጭር ሩጫ ለሚደጋግም፣ ብረት ለሚያነሳ ነው። ለማራቶን ሯጭ የሚያተርፍለት ጡንቻው ውኃ ስለሚይዝ የሚጨምረው ኪሎ ነው። ዱቄቱን የሚወስድ ሰው ለኩላሊት ምርመራ ሲሄድ ለሐኪሙ ይንገር፤ ክሪያቲኒኑ ከፍ ብሎ ቢገኝ የግድ ኩላሊቱ ታሞ አይደለም።

እኔ መገናኛ ስደርስ ትንፋሼ ከተረጋጋ ቆይቷል። ሴትየዋ ቀድመውኝ ወረዱ። እግሬ አስፋልቱን እንደረገጠ ከወዲያ ማዶ ሌላ ረዳት "አንድ ሰው!" እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ከተቀመጥኩ ሩብ ሰዓት አልፎኛል፤ ጀሪካኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቦርሳዬን ሸጎጥኩ።